ሂፖካምፐሱ ያነሰው ከአደጋው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሰሞኑን አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን የተዛማጅ ጥናቶች ዳሰሳ ክፍል እንዳነብላት ላከችልኝ። ርዕሷ ፒቲኤስዲ ነው፤ ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ ሳይለቅ የሚቆየው የአእምሮ ጭንቀት። ክፍሉ በደንብ ተነቦ የተጻፈ ነው። ግን ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝ። «ፒቲኤስዲ ሂፖካምፐስን ያኮማትራል፣ አሚግዳላን ደግሞ ከልክ በላይ ያነቃቃል» ይላል።

ይህን ዓረፍተ ነገር እሷ አልፈጠረችውም። በየመማሪያ መጽሐፉ፣ በየቪዲዮው፣ በየምክር አገልግሎቱ በራሪ ወረቀት ላይ አለ። ችግሩ ግሦቹ ላይ ነው። «ያኮማትራል» ካልን፣ መጀመሪያ ትልቅ የነበረ ነገር በበሽታው ምክንያት አነሰ ማለታችን ነው። ይህን ለማለት ደግሞ አንጎሉን ከአደጋው በፊትም በኋላም አይተነው መሆን አለበት። አብዛኞቹ ጥናቶች ግን ሰውየውን ያዩት አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ከታመመ ከዓመታት በኋላ። ስለዚህ ለእሷ የጻፍኩላትን አስተያየት ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እዚህ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች እናስተዋውቅ። ሂፖካምፐስ በግራም በቀኝም አለ፤ ከጆሮ አካባቢ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተኛ ጥምዝምዝ ያለ ክፍል ነው። ስሙም ከባሕር ፈረስ ቅርፁ የመጣ ነው። አሚግዳላ ከፊት ለፊቱ ተጠግታ የተቀመጠች የለውዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት። ሥራቸውን በአንድ ምሳሌ ልግለጸው። አንድ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው መንገድ ላይ እየሄደ ሳለ የመኪና ጎማ ይፈነዳል። አሚግዳላ ድምፁን ሰምታ ሰውነቱን ታስነሳለች፤ ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ መሬት ላይ ሊወድቅ ይቃጣዋል። ይህ ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን «የት ነው ያለሁት? መቼ ነው?» የሚለውን የሚመልስ ሌላ አካል ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ነው፣ ያ ጦር ሜዳ ነበር፣ ያ ካለፈ ቆይቷል ብሎ ድምፁን ከቦታና ከጊዜ ጋር የሚያያይዘው በዋናነት ሂፖካምፐስ ነው። ያ ማያያዣ ደካማ ከሆነ ፍንዳታው የትም ቢሰማ ያው ፍንዳታ ነው። እንግዲህ ተመራማሪዎች ሁለቱ ላይ ያተኮሩት በአጋጣሚ አይደለም፤ የበሽታው ምልክቶች ራሳቸው ወደዚያ ይጠቁማሉ።

አሁን ወደ «ያኮማትራል» እንመለስ። ሐሳቡ ከየት መጣ? ከእንስሳት ጥናት ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሮበርት ሳፖልስኪ፣ ብሩስ ማክዌንና ሌሎችም ውጥረት ሲበዛ የሚመነጨው የኮርቲዞል ዓይነት ሆርሞን ለረጅም ጊዜ ሲፈስ የሂፖካምፐስን ነርቭ ሴሎች እንደሚጎዳ አሳዩ። በአይጦች ላይ ውጥረቱ ለሳምንታት ሲቀጥል የሴሎቹ ቅርንጫፎች ያጥራሉ፣ ይሳሳሉ። ይህ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነው። ከዚህ ተነስቶ «ጦርነት ያየ ሰው ሂፖካምፐስም እንዲሁ ሳይጎዳ አይቀርም» ማለት ቀላል ነበር።

ከዚያ በ1995 ዳግላስ ብሬምነርና ባልደረቦቹ ፒቲኤስዲ ያለባቸውን 26 የቬትናም ጦርነት ተመላሾች ከ22 ጤነኛ ሰዎች ጋር በኤምአርአይ አወዳደሩ። የታማሚዎቹ የቀኝ ሂፖካምፐስ በ8 በመቶ አንሶ ተገኘ። በዓመቱ ሌላ ቡድን በጣት በሚቆጠሩ ተመላሾች ላይ ሠርቶ በሁለቱም በኩል ከ20 በመቶ የሚበልጥ ልዩነት ዘገበ። በልጅነታቸው ጥቃት በደረሰባቸው ሰዎች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታየ። የአይጡ ታሪክና የሰዉ ምስል ገጠሙ። ከዚህ በኋላ «ውጥረት ሂፖካምፐስን ይበላል» የሚለው አባባል እንደ ተረጋገጠ ነገር መነገር ጀመረ።

ግን ቆም ብለን እናስብ። እነዚህ ሰዎች የተነሱት ምስል አንድ ነው። የተነሱትም ጦርነቱ ካበቃ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከጦርነቱ በፊት የአንዳቸውም ሂፖካምፐስ አልተለካም። ስለዚህ ያነሰ መሆኑን እናውቃለን እንጂ ማነሱን፣ ማለትም ትልቅ ከነበረበት መቀነሱን፣ አናውቅም። በአማርኛ ልዩነቷ አንዲት ፊደል ልትመስል ትችላለች፤ በሳይንሱ ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን የመግለጽ ያህል የተራራቀ ነው።

ሆርሞኑም ቢሆን እንደተጠበቀው አልተገኘም። የኮርቲዞሉ ታሪክ እውነት ከሆነ ፒቲኤስዲ ያለባቸው ሰዎች ኮርቲዞላቸው መብዛት ነበረበት። ሬቸል የሁዳና ባልደረቦቿ የጦር ተመላሾችን የ24 ሰዓት ሽንት ሰብስበው ሲለኩ ግን ዝቅ ብሎ አገኙት። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን መድኃኒት በትንሽ መጠን ሲሰጧቸውም የኮርቲዞላቸው መጠን ከሌላው ሰው በላይ ይወርድ ነበር። ይህ በከባድ ድብርት ከሚታየው ተቃራኒ ነው። ሁሉም ጥናት በዚህ ተስማምቷል ማለቴ አይደለም፤ ውጤቱ ይለያያል። ቢሆንም «ኮርቲዞል ሞልቶ ፈሰሰ፣ ሂፖካምፐስም ቀለጠ» የሚለውን ቀጥተኛ መስመር ለመያዝ አስቸጋሪ ሆነ። ተማሪዋ ይህን የኮርቲዞል ጥናት በሌላ አንቀጽ ጠቅሳዋለች፤ ከላይኛው ዓረፍተ ነገር ጋር እንደሚጋጭ ግን አላየችውም። እኔም በእሷ ዕድሜ አላየሁትም ነበር።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛው መንገድ ሰዎችን ከአደጋው በኋላ ወዲያው ይዞ መከታተል ነው። በ2001 የታተመ አንድ የኢየሩሳሌም ጥናት ይህን ሞክሯል። ከአደጋ የተረፉ 37 ሰዎችን በመጀመሪያው ሳምንት አንዴ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ሁለተኛ አነሷቸው። በስድስተኛው ወር 10ሩ ፒቲኤስዲ ነበረባቸው። የሂፖካምፐሳቸው መጠን ግን ከሌሎቹ አልተለየም፤ በመካከሉም አልቀነሰም። 10 ሰው ጥቂት ነው፣ ስድስት ወርም አጭር ነው። ግን ይህ «ፊትና ኋላ» ያለው ጥናት ነበር፤ ፊትና ኋላ ሲታይ ደግሞ መኮማተር አልታየም።

ሁለተኛው መንገድ ነው ከሁሉም የሚገርመኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሰውየውን ከጦርነቱ በፊት ልናየው አንችልም። ግን አንድ እንቁላል ተከፍሎ የተወለደ መንታ ወንድም ቢኖረው፣ ወንድሙም ጦር ሜዳ ካልሄደ፣ ያ ወንድም «ባልሄድ ኖሮ ምን እመስል ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ልናገኝ የምንችለው የቅርብ መልስ ነው። ማርክ ጊልበርትሰን፣ ሮጀር ፒትማንና ባልደረቦቻቸው በ2002 በኔቸር ኒውሮሳይንስ ያሳተሙት ሥራ በዚህ ላይ የቆመ ነው። አንዱ ቬትናም ላይ የተዋጋ፣ ሌላው ውጊያ ያላየ መንታ ወንድማማቾችን አሰባሰቡ። ከተዋጉት መካከል ገሚሱ ፒቲኤስዲ ያለባቸው፣ ገሚሱ የሌለባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አራት ዓይነት ሰው እንዳለ ልብ በሉ። የተዋጋና የታመመ አለ። ያልተዋጋ የእሱ ወንድም አለ። የተዋጋ ግን ያልታመመ አለ። የዚያኛው ያልተዋጋ ወንድምም አለ። የጥናቱ ጥበብ ያለው በሁለተኛው ሰው ላይ ነው። ይህ ሰው ውጊያ አላየም፣ አልታመመም፣ ግን የታመመው ሰው መንታ ነው።

ሁለቱ ግምቶች ስለዚህ ሰው የሚሉት ይለያያል። ጦርነቱና በሽታው ሂፖካምፐስን ያኮማትሩት ከሆነ፣ የታመመው ወንድም ትንሽ፣ ይህ ያልተዋጋው ግን እንደማንኛውም ሰው ሙሉ ይኖረዋል። ትንሽነቱ ከመጀመሪያው የነበረ ከሆነ ግን ሁለቱም ትንሽ ይኖራቸዋል። ተመራማሪዎቹ ምስሎቹን ሲለኩ የሆነው ሁለተኛው ነው። በሽታቸው የከፋ ተመላሾች ሂፖካምፐስ፣ ካልታመሙት ጋር ሲወዳደር ወደ 10 በመቶ ያንስ ነበር። ውጊያ ያላዩት መንታ ወንድሞቻቸውም እንዲሁ። ከዚህም በላይ የታመመውን ሰው የምልክት ክብደት ከወንድሙ ሂፖካምፐስ ጋር ሲያዛምዱት ግልጽ ዝምድና ታየ፤ የወንድምየው ባነሰ ቁጥር የተዋጋው ሰው ምልክት ይከፋል። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሠንጠረዡን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ጦር ሜዳ ያልረገጠ ሰው አንጎል ስለ ወንድሙ ሕመም ይናገራል።

በመጠን ብቻም አላቆመም። በ2007 ያው ቡድን የመንታዎቹን አእምሮ በፈተና ሞከረ። ፈተናው አንድን ነገር ብቻውን ከማየት ይልቅ በዙሪያው ካሉ ምልክቶች ጋር ያለውን አቀማመጥ አያይዞ መረዳትን የሚጠይቅ ነው፤ የሂፖካምፐስ ሥራ የሚባለው ማለት ነው። ፒቲኤስዲ ያለባቸው ደከሙ። ያልተዋጉ ወንድሞቻቸውም ደከሙ። የጎማውን ፍንዳታ አስታውሱ፤ ድምፁን ከቦታው ጋር የማያያዝ አቅሙ ቀድሞም ሳሳ ያለ ሰው አደጋ ሲደርስበት ፍርሃቱን በቦታውና በጊዜው አጥሮ ማስቀመጥ ይከብደዋል። ይህ እንግዲህ ከ«ያኮማትራል» ፍጹም የተለየ ታሪክ ነው። ትንሽነቱ የበሽታው ጠባሳ ሳይሆን ለበሽታው በር የሚከፍት ነገር ሆነ ማለት ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «መንታዎች እኮ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አንጎል ስላላቸው ነው፣ ዘዴው ራሱ ልዩነት ማየት አይችልም» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አለ። በ2008 በዚሁ በመንታዎች ጥናት የተሳተፉ ሰዎችን ምስል የተነተነ ሌላ ሥራ፣ ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ወደ መሐል ባለ አንድ ሥፍራ ላይ ግራጫው ሕብረ ሕዋስ በታመመው ሰው ላይ ብቻ ሳስቶ አግኝቶታል፤ በወንድሙ ላይ የለም። ዘዴው በኋላ የመጣ ለውጥ ካለ ያያል ማለት ነው። ሂፖካምፐስ ላይ ግን አላየም።

ይህን ስል «ሁሉም በዘር ነው» ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ተማሪዋ የተሻሻለውን ረቂቅ ስትልክልኝ ልክ እንዲህ ጽፋ መጣች፤ «ትንሽ ሂፖካምፐስ በዘር የሚወረስ ነው» ብላ። ከአንዱ ገደል ሸሽታ ሌላው ገደል ገባች። አብረው የተወለዱ መንታዎች የሚጋሩት ዘረ መል ብቻ አይደለም። አንድ ማሕፀን፣ አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ አንድ ልጅነት ይጋራሉ። ቤቱ ውስጥ ዱላና ጩኸት ከነበረ ሁለቱም አይተውታል። እናም የልጅነት መከራ ሂፖካምፐስን ቀድሞ ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ የአይጡ ታሪክም በዚያ በኩል ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የመንታው ጥናት የሚለው «ከውጊያው በፊት ነበር» ብቻ ነው። ከዚያ ወደኋላ ሄዶ ምን እንዳሳነሰው አይናገርም። ደግሞም ውጤቱ የጠነከረው ሕመማቸው ከባድ በሆነና ለዓመታት በቆዩ ወንዶች ላይ ነው። አንዴ የመኪና አደጋ ደርሶባት ዓመት ሳይሞላት ያገገመች ሴትን እነሱ አይወክሏትም።

ከማን ጋር እንደተወዳደረም መታየት አለበት። ይህ በዳሰሳ ክፍሎች ውስጥ በብዛት የሚዘለል ነገር ነው። አደጋ ደርሶባቸው ያልታመሙ ሰዎችን፣ ምንም አደጋ ካላዩት ጋር ያወዳደሩ ትንተናዎች እነዚህም ሂፖካምፐሳቸው አነስ ብሎ አግኝተውታል። ስለዚህ ታማሚዎችን ምንም አደጋ ካላየ ሰው ጋር ብናወዳድር ልዩነቱ ይሰፋል፤ አደጋ አይተው ካልታመሙት ጋር ብናወዳድር ይጠባል። የአልኮል መጠጥም አለ። ብዙ የጦር ተመላሾች ለዓመታት ጠጥተዋል፤ አልኮል ብቻውን አንጎልን ያሳንሳል። አንድ ጥናት ስናነብ መጀመሪያ የማየው ውጤቱን አይደለም፤ የንጽጽር ቡድኑ እነማን እንደሆኑ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ በእውነቱ ስንት ነው? በ2018 የታተመ፣ ከ16 ቡድኖች የ1,868 ሰዎችን ምስል ያሰባሰበ ትልቅ ሥራ አለ፤ 794ቱ ፒቲኤስዲ ያለባቸው ናቸው። የሂፖካምፐስ ልዩነት ተገኝቷል፣ ግን ትንሽ ነው፤ በስታቲስቲክስ ቋንቋ 0.17 የመደበኛ ልይይት። ቁጥሩን ወደ ሰው ቋንቋ ላምጣው። ከታማሚዎች አንድ፣ ካልታመሙት አንድ ሰው በዕጣ ብናወጣ፣ የታማሚው ሂፖካምፐስ አንሶ የሚገኘው ከ100 ጊዜ 55 ያህሉን ነው። ሳንቲም ወርውረን ብንገምት 50 ነበር። በ1990ዎቹ ከ20 በመቶ በላይ የነበረው ልዩነት እንዴት እዚህ ደረሰ? ትንንሽ ጥናቶች ላይ የሚታተመው በአጋጣሚ የገዘፈው ውጤት ነው፤ ሰው ሲበዛ ወደ ልኩ ይመለሳል። ከዚህ የሚከተል አንድ ግልጽ ነገር አለ። የማንንም የኤምአርአይ ምስል አይቶ «ፒቲኤስዲ አለብህ» ወይም «የለብህም» ማለት አይቻልም። እንዲህ የሚል ካለ አትመኑት።

አሁን ወደ አሚግዳላ። ተማሪዋ «ከልክ በላይ ያነቃቃል» ያለችው። እዚህም መነሻው ጥሩ ሥራ ነው። በ2000 ስኮት ራውችና ባልደረቦቹ ስምንት ፒቲኤስዲ ያለባቸውንና ስምንት የሌለባቸውን የጦር ተመላሾች ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው ፊቶችን አሳዩ። የፈራ ሰው ፊት ለ33 ሚሊ ሰከንድ ብልጭ ይላል፤ ወዲያው የተረጋጋ ፊት ይተካውና ይሸፍነዋል። ተመልካቹ የፈራውን ፊት ማየቱን አያውቅም። አሚግዳላው ግን ያውቃል፤ በታማሚዎቹ ላይ ከሌሎቹ በልጦ ተንቀሳቀሰ። ሰውየው ሳያውቀው ሰውነቱ ጥበቃ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን በሽታ ያየ ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ በር ሲንኳኳ ቀድሞ የሚዘለው ሰውነት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ግን አልተስማሙም። የጨመረ ያገኙ አሉ፣ ምንም ያላገኙ አሉ። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ታማሚዎቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። አደጋው ሲታወሳቸው የሚንቀጠቀጡ አሉ፤ ደንዝዘው፣ ከራሳቸው ርቀው፣ ሁሉን በጭጋግ ውስጥ እንዳለ የሚያዩም አሉ። ሩት ላኒየስና ባልደረቦቿ የኋለኞቹ አንጎል ስሜትን ከመጠን በላይ እንደሚያፍን፣ አሚግዳላቸውም እንደሌሎቹ እንደማይነሳ ይናገራሉ። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የምርመራ መመሪያም ይህን እንደ ንዑስ ዓይነት ተቀብሎታል። ሁለቱን ቀላቅለህ አማካይ ስታወጣ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ሁለተኛው ምክንያት መለኪያው ነው። አንጎል ሥራ ላይ እያለ የሚነሳው ኤምአርአይ አንድን ሰው ዛሬና ከሳምንታት በኋላ ቢለካው ተመሳሳይ ቁጥር አይሰጥም። በ2020 የታተመ ሰፊ ትንተና የእነዚህን መለኪያዎች ተደጋጋሚነት በአማካይ 0.4 ገደማ አድርጎታል፤ 1 ማለት ፍጹም አንድ ዓይነት፣ 0 ማለት ምንም ዝምድና የሌለው ነው። በእንዲህ ያለ ሚዛን ስምንት በስምንት ሰው መዝኖ የጸና ነገር ማግኘት ከባድ ነው።

ሆኖም አሚግዳላ ጉዳዩ ውስጥ የለችበትም ማለት አይቻልም። ማስረጃው የሚመጣው ከቆሰሉ ሰዎች ነው። ቬትናም ላይ ጭንቅላታቸውን ተመተው የተረፉ ወታደሮች ለአሥርተ ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በ2008 የታተመው ትንተና ቁስሉ የት እንደሆነና ማን ፒቲኤስዲ እንደያዘው አስተያየ። የአንጎል ጉዳት ካልደረሰባቸው ተዋጊዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት በሽታው ይዟቸዋል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ የሆነባቸውም ከዚያ ብዙ አልራቁም። አሚግዳላቸው ከተጎዳው ግን አንድም ሰው አልተያዘም። ቁጥራቸው ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም ዜሮ ነው። የተዘነጋ ግን የሚገርም ሌላ ነገርም እዚያው አለ፤ ከዓይን በላይ ያለው የፊተኛው አንጎል ታችኛው ክፍል የተጎዳባቸውም በበሽታው የተያዙት ጥቂት ናቸው፣ ከ100 ወደ 18 ያህል። ያ ክፍል «አሚግዳላን የሚገታ ልጓም» ተብሎ ነው የሚነገረው። ልጓሙ ሲበጠስ በሽታው መባስ ነበረበት፤ ግን ቀነሰ። ስለዚህ ያ የልጓምና የፈረስ ሥዕል በየቦታው ቢደገምም እንዲሁ እንዳለ አይወሰድም።

«የፍርሃት ማዕከል» የሚለውን ቅጽልም ተማሪዋ እንድታወጣው ጠይቄያታለሁ። በ2013 ሁለቱም አሚግዳላቸው በበሽታ የጠፉ ሦስት ሰዎች 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር እንዲስቡ ተደረገ። እባብ፣ ሸረሪትና አስፈሪ ቤት ያላስደነገጣት ሴት ከመካከላቸው ነበረች። ሦስቱም በፍርሃት ተንቀጠቀጡ። አሚግዳላ የውጭውን አደጋ ለመለየት ታስፈልጋለች፤ ፍርሃትን መሰማት ግን ያለ እሷም ይቻላል።

የ«ፊት ወይስ ኋላ» ጥያቄ እዚህም መልስ አለው፤ ያውም ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን ያደረገ። በ2009 የእስራኤል ተመራማሪዎች 50 ጤነኛ ወጣት ወታደሮችን ወደ አገልግሎት ሲገቡ አነሷቸው፤ በውጊያ ክፍሎች ውስጥ አስጨናቂ ነገሮችን ካዩ በኋላም እንደገና። መጀመሪያ ላይ አሚግዳላቸው ይበልጥ የተነሳባቸው ወጣቶች በኋላ የጭንቀት ምልክታቸው ይበልጥ ጨመረ። ያን ጊዜ ገና ምንም አልደረሰባቸውም ነበር። ሂፖካምፐሳቸው ግን ወደፊት የሚሆነውን አልተናገረም፤ ይልቁንም በሁለቱ ምስሎች መካከል በሥራው ላይ የታየው ለውጥ ከምልክቱ መጨመር ጋር አብሮ ሄደ። አሚግዳላ ቀድማ ነበረች፣ የሂፖካምፐስ አሠራር በኋላ ተለወጠ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህ ከመንታዎቹ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። እዚያ ሂፖካምፐስ ቀድሞ ነበር፣ እዚህ በኋላ ተለወጠ። እኔ ግን የሚጋጩ አይመስለኝም። የመንታዎቹ ጥናት የለካው መጠንን ነው፤ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ። የወታደሮቹ ጥናት የለካው ሥራን ነው፤ ሥዕል ሲያይ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ። አንድ አካል ሲፈጠር ትንሽ ሆኖ፣ በኋላ ደግሞ አሠራሩ ሊለወጥ ይችላል። ወታደሮቹም የከበደ ፒቲኤስዲ የያዛቸው አልነበሩም፤ ምልክታቸው ጨመረ እንጂ። ችግሩ በብዙ የዳሰሳ ክፍሎች ውስጥ መጠንም ሥራም «ሂፖካምፐስ ተጎድቷል» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላሉ። ያኔ ግጭት ያልሆነው ግጭት ይመስላል፤ ግጭት የሆነው ደግሞ ይደበቃል።

ሕክምናውስ? አንድ ተደጋግሞ የሚጠቀስ ሥራ አለ፤ ፓሮክሲቲን የሚባለውን መድኃኒት ለዘጠኝ ወራትና ከዚያ በላይ የወሰዱ ታማሚዎች ሂፖካምፐስ በአማካይ 4.6 በመቶ አደገ ይላል። ተማሪዋ «መድኃኒት የተኮማተረውን ይመልሳል» ብላ ጠቅሳዋለች። ግን ጥናቱ የማስመሰያ ክኒን የወሰደ የንጽጽር ቡድን አልነበረውም። ማደጉ ከመድኃኒቱ ይሁን፣ መጠጥ ከመቀነስ፣ እንቅልፍ ከመመለስ ወይም በሰውነት ውስጥ ካለ ውኃ ለውጥ፣ መለየት አይቻልም። ተስፋ ሰጪ ነው ማለት ይቻላል፤ «ይመልሳል» ማለት ግን አይቻልም።

እንግዲህ ምን ብላ ትጻፍ? ጥናቶቹን በዓመት ተራ መደርደሩን ትታ በዓይነታቸው እንድትደረድራቸው ነገርኳት። መጀመሪያ አንዴ ብቻ ያነሱት፣ ቀጥሎ ፊትና ኋላ ያነሱት፣ ከዚያ መንታዎቹ፣ ከዚያ ቁስለኞቹ። እያንዳንዱ ዓይነት ሊናገር የሚችለውና የማይችለው ነገር አለ፤ በአንድ አንቀጽ ሲቀመጡ ራሳቸው ይነጋገራሉ። በሦስተኛው ረቂቅ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሆኖ መጣ፤ «ፒቲኤስዲ ያለባቸው ሰዎች ሂፖካምፐስ በአማካይ በጥቂቱ ያነሰ ነው፤ በከባድ ታማሚዎች ላይ ይህ ትንሽነት ከአደጋው በፊት እንደነበረ የመንታዎች ጥናት ይጠቁማል፤ የአሚግዳላ ንቃት መጨመር ደግሞ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ይታያል፣ ከአደጋው በፊት ሊኖርም ይችላል።»

ከፊተኛው በእጥፍ ይረዝማል። «ያኮማትራል» የሚለው ቃል ግን የለም።